የእጅ አንጓ ሕመምና የቁልፍ ሰሌዳ ምርጫ፦ የተከፈለ ወይስ ዝርግ?

መግቢያ

የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማጠናቀቅ ላይ ያሉ ተማሪዎችና በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚተይቡ ተመራማሪዎች የእጅ አንጓቸው መታመም ሲጀምር፣ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያስቡት የቁልፍ ሰሌዳቸውን (ኪቦርዳቸውን) ስለመለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት አማራጮች ይቀርቡላቸዋል። አንዱ በየቢሮው የሚገኘው ዝርግ ሰሌዳ ሲሆን፣ ሌላው ቁልፎቹ ለግራና ለቀኝ እጅ በሁለት የተከፈሉበት፣ ዋጋውም ከተራው በብዙ የሚልቅ ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ለአንጓ ሕመም መፍትሔ እንደሆነ ተደርጎ ስለሚሸጥ፣ የታመመ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ገዝቶት ሕመሙ እንዳለ የሚቀጥልበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

የዚህ ምክንያቱ ሰሌዳው የተሠራበት ዓላማ ጠባብ መሆኑ ነው። የተከፈለ ሰሌዳ የሚያርመው አንድ የተወሰነ የአንጓ መጣመምን ነው። ሕመሙ ከዚያ መጣመም የመጣ ከሆነ ሊረዳ ይችላል፤ ከሌላ የመጣ ከሆነ ግን ለውጥ አያመጣም፣ አንዳንዴም ያባብሳል። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት ከሰሌዳው ሳይሆን አንጓው ወደ የት እንደተጣመመ ከመለካት ነው። ይህ ጽሑፍ መጣመሙ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለካና ልኬቱ ወደ የትኛው ምርጫ እንደሚመራ ያስረዳል።

አንጓ የሚጣመምባቸው ሁለት አቅጣጫዎች

በሚተይብ ሰው እጅ ላይ ሁለት መጣመሞች ተለይተው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ወደ ጎን የሚደረገው ነው፤ መዳፍ ወደ ታች ተዘርግቶ ሳለ እጅ ከክንድ መስመር ወጥቶ በትንሽ ጣት በኩል ወደ ውጭ ያዘነብላል። ሁለተኛው ወደ ላይ የሚደረገው ነው፤ አንጓው ወርዶ ጣቶች ወደ ላይ ይነሣሉ፣ የእጅ ጀርባም ከክንድ ጀርባ ጋር ማዕዘን ይሠራል።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ችግር የሚፈጥሩት በአንጓ ጠባብነት ምክንያት ነው። በመዳፍ በኩል ባለው፣ ሐኪሞች ካርፓል ተነል በሚሉት መተላለፊያ ውስጥ ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ዋና ነርቭ አብረው ያልፋሉ። አንጓ ሲጣመም መተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ጅማቶቹም በቀጥታ በመሄድ ፈንታ በአጥንት ጠርዝ ላይ እየተጎተቱ ይሠራሉ። ኪር፣ ሬምፔልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአራት ሰዎች በሦስቱ ላይ ይህ ግፊት ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳያልፍ አንጓ ምን ያህል ሊጣመም እንደሚችል አስልተዋል። ወደ ላይ ለሚደረገው መጣመም ገደቡ 33 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ወደ ትንሽ ጣት ለሚደረገው ግን 15 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይህ ልዩነት ሊታወስ የሚገባው ነው፤ አንጓ ወደ ጎን ያለው ነፃነት ወደ ላይ ካለው ከግማሽ ያነሰ ነውና።

ዝርግ ሰሌዳ አንጓን ወደ ጎን ለምን ይጠመዝዛል?

ነገሩ በቀላል ስሌት ይታያል። በመደበኛ ሰሌዳ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጣቶች በመነሻ ረድፋቸው ላይ ሲያርፉ፣ ከግራ እጅ መሃል እስከ ቀኝ እጅ መሃል ያለው ርቀት ስድስት ቁልፍ ወይም 11.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሁለቱ ክርኖች ርቀት ደግሞ በአንድ መካከለኛ ሰው ላይ 44 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። እያንዳንዱ ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ በሚለካው 42 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 16.3 ሴንቲ ሜትር ወደ መሃል መግባት ይኖርበታል ማለት ነው። ይህ ክንዱን ወደ 23 ዲግሪ ያዘነብለዋል። የሰሌዳው ቁልፎች ግን ከሰውየው ፊት ለፊት ቀጥ ብለው የተደረደሩ ስለሆኑ፣ እጅ ከክንዱ መስመር ወጥቶ ወደ ውጭ መመለስ አለበት። የመመለሱን ሥራ የሚጋሩት አንጓና ጣቶች ናቸው።

አሁን የሰሌዳው ሁለት ክፍሎች ተራርቀው የሁለቱ እጆች ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ክንድ ወደ መሃል የሚገባው 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ማዕዘኑም ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ክፍል በክንዱ አቅጣጫ 10 ዲግሪ ቢዞር፣ እጅና ክንድ በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። የተከፈለ ሰሌዳ አሠራር ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው ክሎከንበርግ እ.ኤ.አ. በ1926 ለጽሕፈት መኪና አቅርቦት ነበር፤ ክሮመር በ1972 በሙከራ ፈትሾታል፤ በስፋት ወደ ገበያ የወጣው ግን ማይክሮሶፍት በ1994 ናቹራል የተባለውን ሰሌዳ ባቀረበ ጊዜ ነው።

በስሌት የታየው በልኬትም ተረጋግጧል። ማርክሊን፣ ሲሞኖና ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች በዝርግ ሰሌዳ ሲተይቡ አንጓቸው ወደ ትንሽ ጣት በአማካይ 12 ዲግሪ ያህል ተጣምሞ ተገኝቷል፤ በተከፈለ ሰሌዳ ላይ ግን ከቀጥታው መስመር ያለው ርቀት ወደ 5 ዲግሪና ከዚያ በታች ወርዷል። የዝርግ ሰሌዳ 12 ዲግሪ አማካይ መሆኑ ልብ ይባል። ትከሻው ሰፊ የሆነ ወይም ትንሽ ጣቱን ዘርግቶ ሩቅ ቁልፎችን የሚነካ ሰው፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰውን 15 ዲግሪ በቀላሉ ያልፋል።

ወደ ላይ ለሚደረገው መጣመም ግን መከፈል መፍትሔ አይሆንም። ይህ መጣመም የሚመጣው ከሰሌዳው ውፍረት፣ ከኋላው ከፍ ከማለቱና መዳፍን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ከመተየብ ነው። ሲሞኖና ማርክሊን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት፣ ኋላው በ15 ዲግሪ ከፍ ያለው ሰሌዳ ወደ ተቃራኒው፣ ማለትም ፊቱ በ15 ዲግሪ ከፍ ወዳለበት ሁኔታ ሲለወጥ፣ የአንጓው ወደ ላይ መጣመም ከ22 ወደ 9 ዲግሪ ወርዷል። ይህን ለውጥ ያመጣው የሰሌዳው ተዳፋት ብቻ ነው። በአንጻሩ አንዳንድ የተከፈሉ ሰሌዳዎች ወፍራምና ቁልፋቸው ረጅም በመሆኑ፣ የጎኑን መጣመም እየቀነሱ የላዩን ይጨምራሉ። ገዝተው ያልተሻላቸው ሰዎች ከሚገጥሟቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

መጣመሙን መለካት

ልኬቱ የሚጠይቀው የእጅ ስልክ፣ ፎቶ የሚያነሣ ሌላ ሰውና አንድ ፕሮትራክተር ነው። ተያቢው እየተነሣ መሆኑን ረስቶ እንደ ወትሮው እንዲጽፍ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይተዋል፤ ሰው መታየቱን ሲያውቅ እጁን ያስተካክላልና። ከዚያም ከእያንዳንዱ እጅ በላይ ቀጥ ብሎ ጥቂት ፎቶዎች፣ ከጎንም በአንጓው ቁመት ጥቂት ፎቶዎች ይነሣሉ።

ከላይ በተነሣው ፎቶ ላይ አንድ መስመር ከክንድ መሃል እስከ አንጓ መሃል፣ ሌላ መስመር ደግሞ ከአንጓ መሃል እስከ መሃል ጣት ሥር ጉልህ አጥንት ይሰመራል። በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን የጎን መጣመም ነው። ከጎን በተነሣው ፎቶ ላይ በክንድ ጀርባና በእጅ ጀርባ መካከል ያለው ማዕዘን የላይ መጣመም ነው። አንድ ፎቶ ብቻውን አያስተማምንም፤ ለእያንዳንዱ እጅ ከአምስት ያላነሱ ፎቶዎች ተለክተው መካከለኛው ቁጥር ቢወሰድ ይሻላል። የስልኩ ካሜራ ካዘነበለ ጥቂት ዲግሪ ስሕተት ስለሚገባ፣ የሁለትና የሦስት ዲግሪ ልዩነት ትርጉም ሊሰጠው አይገባም።

ከልኬቱ ጋር የሕመሙ ቦታም ይመዘገባል። በትንሽ ጣት በኩል ባለው የአንጓ ጠርዝ ላይ የሚሰማ ሕመም ከጎን መጣመም ጋር ይስማማል፤ በእጅ ጀርባና በክንድ ላይኛ ክፍል ላይ የሚሰማው ደግሞ ጣቶችን አንሥቶ ከሚይዘው የላይ መጣመም ጋር ይስማማል። ልኬቱና የሕመሙ ቦታ ሲስማሙ ምርጫው ይቀላል፤ ካልተስማሙ ግን ምክንያቱን ከሰሌዳው ውጭ መፈለግ ይገባል።

አንድ ማሳያ

ለማሳያ እንዲሆን አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የአማርኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ እናስብ። ጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ወንበሩ ዝቅተኛ በመሆኑ ክርኗ ከጠረጴዛው በታች ይውላል። ሰሌዳው ዝርግ፣ የኋላ እግሮቹ የተነሡ፣ ቁጥሮች በቀኝ በኩል ያሉት ሙሉ ሰሌዳ ነው። በሁለቱም እጆቿ ጀርባ ላይ ሕመም አላት፤ በግራ አንጓዋ ደግሞ በትንሽ ጣት በኩል ተጨማሪ ሕመም ይሰማታል። ልኬቱ የላይ መጣመሙን በሁለቱም እጆች 28 ዲግሪ፣ የጎኑን በቀኝ 9፣ በግራ 19 ዲግሪ ያሳያል።

የግራና የቀኝ ልዩነት ከምትጽፍበት ቋንቋ ጋር ይያያዛል። በድምፅ ቀረቤታ የሚሠራው የአማርኛ መተየቢያ ስልት ለአንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይጠይቃል። «ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ቃል ስድስት ፊደል ቢሆንም አሥራ አንድ ጊዜ ቁልፍ መምታትን ይፈልጋል፤ «ሳይንሳዊ» የሚለው አምስት ፊደል ደግሞ ስምንት ጊዜ። ራብዕ ድምፅ ባለው ፊደል ሁሉ የ A ቁልፍ ይነካል፤ እሱን የሚመታው የግራ ትንሽ ጣት ነው። ጠ እና ጨን ለመጻፍ ደግሞ T እና C ከሺፍት ጋር ይመታሉ፤ ብዙ ሰው ለዚህ የሚጠቀምበት ይህንኑ ጣት በማስረዘም የግራውን ሺፍት ነው። ትንሽ ጣት ወደ ውጭ ስትዘረጋ አንጓ አብሮ ይከተላል።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ በቅድሚያ የሚስተካከለው የላይ መጣመሙ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅምና። ወንበሩ በትራስ ከፍ ተደርጎ ክርኗ ከሰሌዳው ጋር ይተካከላል፤ እግሯም እንዳይንጠለጠል ከሥሩ መደገፊያ ይደረጋል። የሰሌዳው የኋላ እግሮች ይታጠፋሉ፤ በፊት ጠርዙ ሥር ደግሞ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን እንጨት ወይም ቀጭን መጽሐፍ ይገባል። ከፊት እስከ ኋላ 13 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ሰሌዳ ላይ ይህ ብቻ ተዳፋቱን ወደ 9 ዲግሪ ይለውጠዋል። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ጥናት መጠን ሲሰላ ይህ ከአንጓው ላይ የሚቀንሰው አራት ዲግሪ ያህል ነው። ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ግን ወንበሩ ከፍ ካለ በኋላ መዳፍ ጠረጴዛውን ሳይደገፍ መተየብ መቻሉ ነው። በጄል ወይም በስፖንጅ የተሠራው የመዳፍ ማሳረፊያም ለዕረፍት እንጂ እየተየቡ ለመደገፊያ አይደለም፤ ክብደትን ያንኑ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ያሳርፋልና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲለካ የላይ መጣመሙ ወደ 16 ዲግሪ ወርዶ የእጅ ጀርባ ሕመሙ ቢቀልና የግራ አንጓ ጠርዝ ሕመም ግን ከ19 ዲግሪው ጋር እንዳለ ቢቆይ፣ የተከፈለ ሰሌዳ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ጊዜ ቢደረጉ ኖሮ የትኛው እንደረዳ ማወቅ ባልተቻለም ነበር።

ከመግዛት በፊት ሐሳቡን በጥቂት ወጪ መሞከር ይቻላል። የቁጥር ቁልፍ የሌላቸው፣ ስፋታቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት ትንንሽ ሰሌዳዎች ተውሰው ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይሰካሉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ግራ እጅ በግራው፣ ቀኝ እጅ በቀኙ ላይ ሲሠራ፣ የሁለቱ እጆች ርቀት ከክርኖች ርቀት ጋር ይቀራረባል። በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ በአንደኛው ሰሌዳ የተያዘው ሺፍት በሌላኛው ላይም ይሠራል። ሙሉ ሰሌዳዎች ለዚህ አይሆኑም፤ ሰፊ በመሆናቸው እጆችን ከትከሻ ውጭ ያወጧቸዋል። በዚህ ሁኔታ ለአንድ ሳምንት ተሠርቶ የግራው ልኬት ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድና ሕመሙም ቢቀንስ፣ የተከፈለው ሰሌዳ ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። ልኬቱ ወርዶ ሕመሙ ካልቀነሰ ግን ምክንያቱ መጣመሙ አይደለምና መግዛቱ ሊቆይ ይገባል።

በሙከራው ጊዜ ሌላም ነገር ይታወቃል። በተከፈለ ሰሌዳ ላይ ክፍፍሉ የሚያልፈው በ B እና በ Y አጠገብ ነው። B በግራ፣ Y በቀኝ ይቀራሉ። በ እና የ በአማርኛ ቃላት መነሻ ላይ እጅግ የሚዘወተሩ በመሆናቸው፣ B ን በቀኝ ወይም Y ን በግራ እጅ መምታት የለመደ ሰው በየዓረፍተ ነገሩ ይሳሳታል። በሁለት በሦስት ጣት የሚተይብና እጆቹ መሃሉን እየተሻገሩ የሚሠሩ ሰው ደግሞ ችግሩ ይብስበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ካሉት ይልቅ፣ በአንድ አካል ላይ ሆኖ መሃሉ ብቻ የተከፈተውና ወደ ክንድ አቅጣጫ የተጠመዘዘው ዓይነት ይቀለዋል። የመተየብ ፍጥነት ለቀናት ወይም ለሳምንታት መውረዱ የማይቀር ስለሆነም፣ ለውጡ የጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን በተቃረበበት ሳምንት ሊጀመር አይገባም።

ሰሌዳ የማይፈታው ሕመም

የተከፈለ ሰሌዳ አቀማመጥን ማስተካከሉ በሚገባ የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ሕመምን ስለመቀነሱ ያለው ማስረጃ ከዚያ የሳሳ ነው። ቲቲራኖንዳና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የእጅ ሕመም ያለባቸው 80 ሰዎች በአራት ዓይነት ሰሌዳ ተመድበው ለስድስት ወር ተከታትለዋል። መሃሉ የተከፈተውን ቋሚ ሰሌዳ የተጠቀሙት ከተራው ተጠቃሚዎች ይልቅ የሕመም መቀነስ አሳይተዋል፤ በሐኪም ምርመራ ላይ ግን ተመጣጣኝ መሻሻል አልታየም። የመሻሻሉ መጠንም ሰውየው ሰሌዳውን ከመውደዱ ጋር የተያያዘ ነበር። ለውጥ ሊገኝ የሚችለው በወራት እንጂ በቀናት አለመሆኑንም ጥናቱ ያስገነዝባል።

በሌላ በኩል ጥፋቱ የማውስ ሊሆን ይችላል። አንደርሰንና ባልደረቦቹ በዴንማርክ 6,943 የኮምፒውተር ተጠቃሚዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2003 እንደዘገቡት፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ማውስ መጠቀም በካርፓል ተነል በሽታ ከሚጠረጠሩ ምልክቶች ጋር ሲያያዝ፣ ከቁልፍ ሰሌዳ አጠቃቀም ጋር ግን ግልጽ ዝምድና አልተገኘም። ሕመሙ በቀኝ እጅ ላይ ብቻ ከሆነና የጎን ልኬቱ አነስተኛ ከሆነ፣ ከተከፈለ ሰሌዳ ይልቅ የቁጥር ቁልፍ የሌለው ጠባብ ዝርግ ሰሌዳ የተሻለ ምርጫ ነው። ሙሉ ሰሌዳ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሰፋ፣ የቁጥር ክፍሉ የሌለው 36 ገደማ ነው፤ በመካከሉ ያለው ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ማውሱን ወደ ሰውነት ያቀርባል፣ ክንድም ወደ ውጭ ተዘርግቶ ከመዋል ይድናል።

በመጨረሻም ሰሌዳ ከመለወጥ በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብን የሚጠይቁ ምልክቶች አሉ። አውራ፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ቢደነዝዙ፣ ድንዛዜው ከእንቅልፍ ቢቀሰቅስ፣ ዕቃ ከእጅ ማምለጥ ቢጀምር ወይም ከአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ጡንቻ ቢሟሽሽ፣ ነርቩ ተጨንቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ትንሽና የቀለበት ጣት ሲደነዝዙ ደግሞ በክርን ዙሪያ የሚያልፈው ሌላው ነርቭ ይጠረጠራል፤ ክርንን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የማስደገፍ ልማድ አንዱ መንሥኤው ነው። በእነዚህ ሁኔታዎች የተጎዳ ነርቭ በመዘግየት ሊመለስ የማይችል ጉዳት ስለሚደርስበት፣ አዲስ ሰሌዳ ታዝዞ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም።

ማጠቃለያ

የጎን መጣመሙ ከ15 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሕመሙ በትንሽ ጣት በኩል ለሆነበትና በሙከራ ለውጥ ላየ ተያቢ፣ የተከፈለ ሰሌዳ ምክንያታዊ ምርጫ ነው። የሚገዛውም ቀጭን፣ ኋላው ያልተነሣ መሆን ይኖርበታል። የላይ መጣመሙ ብቻ ለጨመረበት ተያቢ ግን እግሩ የታጠፈ ዝርግ ሰሌዳ፣ የተስተካከለ ወንበርና ከጠረጴዛ የተነሣ መዳፍ ይበቁታል። ሁለቱም መጣመሞች ያሉበት ሰው ወጪ በሌለው ይጀምር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና ይለካ።